መልሱ የትኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው?

የአይኤልትስ ፈተና የንባብ ክፍል በ60 ደቂቃ 40 ጥያቄዎችን ያስመልሳል። ከእነዚህ ውስጥ ተፈታኞችን በብዛት የሚያደናግሩት «እውነት»፣ «ሐሰት» ወይም «አልተጠቀሰም» ተብለው የሚመለሱት ናቸው። ብዙ ያነበበ ሰው እዚህ ላይ ነጥብ የሚጥለው አብዛኛውን ጊዜ እንግሊዝኛ አንሶት አይደለም፤ ምንባቡ የሚለውን ትቶ የሚያውቀውን ስለሚመልስ ነው።

መከላከያው ቀላል ነው። መልሱን ከመጻፍ በፊት የሚደግፈውን ወይም የሚያፈርሰውን ዓረፍተ ነገር ፈልጎ ማስመር ነው። የሚከተለውን አጭር ምንባብ እንመልከት፤ ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የጅቡቲ–አዲስ አበባ የባቡር ሐዲድ ሥራ በ1897 ተጀመረ። በ1902 ሐዲዱ ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ግን በገንዘብ እጥረትና በመንግሥታት ውዝግብ የተነሣ ሥራው ለዓመታት ቆመ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው።»

ጥያቄዎቹ እነዚህ ይሁኑ፦

1. ድሬዳዋ በባቡሩ ምክንያት የተቆረቆረች ከተማ ናት።
2. ከድሬዳዋ በኋላ ሥራው ሳይቋረጥ ቀጠለ።
3. ሐዲዱ አዲስ አበባ እስኪደርስ 20 ዓመት ያህል ፈጀ።

ሁለተኛው ሐሰት ነው፤ ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር «ሥራው ለዓመታት ቆመ» ሲል በቀጥታ ያፈርሰዋል። ሦስተኛው እውነት ነው። «20 ዓመት» የሚል ቃል በምንባቡ ውስጥ የለም፤ ሆኖም የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር አስምሮ ዓመቶቹን ማቀናነስ በቂ ነው። ድጋፉ አንዳንዴ በሁለት ቦታ እንደሚገኝ ከዚህ እንረዳለን።

ወጥመዱ ያለው በመጀመሪያው ላይ ነው። ድሬዳዋ ከባቡሩ ጋር የተቆረቆረች ከተማ መሆኗን ታሪክ ያነበበ ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን ምንባቡ የሚለው ሐዲዱ እዚያ መድረሱን ብቻ ነው፤ ስለ ከተማዋ አመሠራረት የሚሰመርበት ዓረፍተ ነገር የለም። ስለዚህ መልሱ «አልተጠቀሰም» ነው። በተመሳሳይ መንገድ «ሐሰት» ብሎ ለመመለስም የሚቃረን ዓረፍተ ነገር ማሳየት ያስፈልጋል። ድጋፍ መጥፋቱ ብቻውን ሐሰት አያሰኝም።

«የለም» ለማለት ምንባቡን በሙሉ ደግሞ ማንበብ አይጠበቅም። የዚህ ዓይነት ጥያቄዎች የሚወጡት የምንባቡን ቅደም ተከተል ተከትለው ነው። የአራተኛውና የስድስተኛው ጥያቄ ዓረፍተ ነገሮች ከተገኙ፣ የአምስተኛው ፍለጋ በሁለቱ መካከል ይወሰናል። እዚያ ከሌለ «አልተጠቀሰም» ብሎ ማለፍ ይቻላል።

ዘዴው የማይሠራበት ቦታም አለ። ለአንቀጽ ርዕስ ምረጡ በሚለው ጥያቄ አንድ ዓረፍተ ነገር ማስመር ያሳስታል፤ የተሳሳቱት አማራጮች የአንቀጹን አንድ ዝርዝር ብቻ ይዘው ሊቀርቡ ይችላሉና። እዚያ ላይ መጠየቅ ያለበት፣ የተመረጠው ርዕስ የአንቀጹን አብዛኞቹን ዓረፍተ ነገሮች ያቅፋል ወይስ አንዱን ብቻ የሚለው ነው።