ሱቅ ሳይከፈት የሚታዩ ሦስት ቁጥሮች

የሽያጭ መመዝገቢያ ፕሮግራም ያስገባ ባለሱቅ ስልኩን ሲከፍት የሚጠብቀው የቁጥር መዓት ነው። የቀኑ ሽያጭ፣ የወሩ ድምር፣ በብዛት የተሸጡ አሥር ዕቃዎች፣ የደንበኛ ብዛት፣ ከነዚህ በላይ ባለቀለም ግራፍ። ጥቂት ቀን በጉጉት ያየዋል፤ ከዚያ ይተወዋል። አይፈረድበትም። የወሩ ድምር በየቀኑ ከመጨመር በቀር ሌላ ጠባይ የለውም፤ ዳቦና ስኳር በብዛት እንደሚሸጡም ባለሱቁ ያለ ማሽን ያውቃል።

ለጠዋት የሚሆነውን ለመምረጥ የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ባለቤቱ ይህን ቁጥር ቢያይ እስከ ምሳ ሰዓት የሚያደርገው ነገር ይለወጣል? የማይለወጥ ከሆነ ለሳምንቱ ወይም ለወሩ ሒሳብ ይቆይ። በዚህ መንገድ ከተመረጠ የሚቀሩት ሦስት ናቸው፤ የትናንቱ ሽያጭ፣ የመሳቢያው ልዩነት፣ ሊያልቅ የደረሰ ዕቃ።

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሻጭ ቀጥሮ የሚሠራ የሰፈር ሱቅ እናስብ። ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ የሰኞ ሽያጭ 14,200 ብር ሆኗል። ይህ ብዙ ነው ወይስ ትንሽ? ከእሑድ ጋር ማወዳደር አይጠቅምም፤ እሑድ የራሱ ገበያ አለው። የሚሻለው ካለፉት አራት ሰኞዎች አማካይ ጋር ማስተያየት ነው። በተለይ እኛ ዘንድ ረቡዕና ዓርብ ወተትና እንቁላል ስለሚቀንስ፣ ሐሙስን ከረቡዕ ጋር የሚያነጻጽር ሰው ገበያው የደራ ይመስለዋል። ዐቢይ ጾም ሲገባና ሲፈታ ግን ይህም ዘዴ ይሳሳታል። ፋሲካ በየዓመቱ ቀኑ ስለሚለዋወጥ የአምናውን ተመሳሳይ ቀን ማየትም አያድንም። በእነዚያ ሳምንታት ከቁጥሩ አጠገብ «ጾም» ብሎ መጻፍ ይበቃል።

ብዙ ሱቅ የሚያጣው ግን ሁለተኛውን ነው፤ እኔ አንድ ቁጥር ብቻ ምረጥ ብባል የምይዘውም እሱን ነው። ከ14,200 ብሩ 4,300 በቴሌብር ገብቷል፣ 1,500 በዱቤ ሄዷል። ስለዚህ ከሽያጭ መምጣት ያለበት ጥሬ ገንዘብ 8,400 ብር ነው። ለመልስ የተቀመጠ 1,000 ብር ነበር፤ አንድ ደንበኛ የቆየ ዱቤ 600 ከፍሏል፤ ለዳቦ አከፋፋዩ 2,200 ከመሳቢያው ወጥቷል። ሲደመርና ሲቀነስ ማታ 7,800 ብር መገኘት ነበረበት። የተቆጠረው 7,550 ነው። ልዩነቱ 250 ብር ጉድለት፤ ጠዋት የሚነበበው ይህ ብቻ ነው፣ ስሌቱ መጠየቅ ሲያስፈልግ ይወጣል።

የአንድ ቀን ጉድለት የመልስ ስህተት ሊሆን ይችላል፤ ሻጭን ለመክሰስ አይበቃም። ልዩነቱ በየጊዜው ወደ አንድ ወገን ብቻ ሲያደላ ግን ምክንያት አለው። ትርፍም ቢሆን ደስ አያሰኝም፤ ብዙ ጊዜ ዕቃ ተሸጦ አልተመዘገበም ማለት ነው። የተከፈለ ዱቤ ካልተጻፈ ደግሞ ያ 600 ብር ጉድለቱን ሸፍኖ የ350 ብር ትርፍ ያስመስለዋል። ቴሌብርን በተመለከተ፣ ደንበኛ ስልኩ ላይ የሚያሳየው ምስል ክፍያ አይደለም፤ የሚቆጠረው ወደ ሱቁ ሒሳብ የገባው ነው።

ሦስተኛው ቁጥር የሚጻፈው በቀን ነው። «ባለ አምስት ሊትር ዘይት 9 ቀርቷል» ማለት ብቻውን ምንም አይነግርም። በቀን 4 የሚሸጥ ከሆነ ረቡዕ ማታ አንድ ብቻ ይተርፋል፤ አከፋፋዩ የሚመጣው ዓርብ ከሆነ ሐሙስ መደርደሪያው ባዶ ነው ማለት ነው። ስለዚህ «ዘይት፤ 2 ቀን፣ ጭነት ከ3 ቀን በኋላ» ተብሎ ይጻፍና ባለቤቱ ማክሰኞ ጠዋት ይደውል። ጭነት እስኪመጣ የሚበቃ ዕቃ እዚህ መስመር ላይ አይወጣም። አንድ ልዩ ሁኔታ አለ፤ በየቀኑ የሚሸጥ ዕቃ ትናንት ዜሮ ከሆነ፣ መዝገቡ አለ ቢለውም እንኳ ስሙ ይውጣ። ወይ አልቋል፣ ወይ ከኋላ ተደብቋል። በብዛት የተሸጡ ዕቃዎች ዝርዝር ይህን ፈጽሞ አያሳይም፤ ያልተሸጠ ነገር እዚያ ውስጥ አይገባምና።

ትርፍስ? ትርፍን ጠዋት አላስገባውም። ኪራይና ደመወዝ በወር የሚከፈሉ፣ የመግዣ ዋጋም በየጭነቱ የሚለዋወጥ ስለሆነ የአንድ ቀን ትርፍ ግምት እንጂ ሒሳብ አይደለም። መቶኛም ይቅር። ትናንት ሦስት፣ ከትናንት ወዲያ ሁለት ቻርጀር የሸጠ ሱቅ «50 በመቶ ዕድገት» የሚል ቢደርሰው ተጨማሪ ቻርጀር ሊያዝ ይችላል። ያልተከፈለው ዱቤ ጠቅላላ ድምር ቅዳሜ ይምጣ፤ ደመወዝ በሚከፈልበት የወር መጨረሻ ግን የጠዋቱ መልእክት ላይ ይጨመር፣ ባለዕዳው ገንዘብ የሚይዘው ያን ጊዜ ነውና።