የቱቦው ስፋት ከየት መጣ?

አዲስ መንገድ በተመረቀ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ክረምት ጎርፍ ሲያጥለቀልቀው ወቀሳው ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በተቋራጩ ላይ፣ አለዚያም ቱቦውን በደፈነው ቆሻሻ ላይ ነው። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን ቱቦው ተጠርጎ፣ ግንባታውም ምንም ሳይጎድልበት ውሃው በአስፋልቱ ላይ የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ፈልገን ማንበብ ያለብን ከዲዛይን ሪፖርቱ ውስጥ የሃይድሮሎጂውን ምዕራፍ ነው። ቱቦው ምን ያህል ውሃ እንዲያሳልፍ እንደታሰበ የተወሰነው እዚያ ነው። ምዕራፉ መልስ የሚሰጠው ለሦስት ጥያቄዎች ነው፤ ምን ዓይነት ዝናብ ይዘንባል? በስንት ዓመት አንዴ ለሚመጣው ዝናብ እንዘጋጅ? ውሃው የሚሰበሰበውስ ከምን ዓይነት መሬት ላይ ነው?

ከዝናቡ እንጀምር። ለቱቦ የሚያስጨንቀው በቀን ውስጥ የዘነበው ጠቅላላ መጠን ሳይሆን የዝናቡ ጥንካሬ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲያካፋ የዋለ 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማንንም አይጎዳም፤ ያው 40 ሚሊ ሜትር በግማሽ ሰዓት ሲወርድ ግን ሰፈር ያጥለቀልቃል። ችግሩ በአገራችን ያሉት አብዛኞቹ ጣቢያዎች የሚመዘግቡት የቀኑን ድምር ብቻ መሆኑ ነው። መለኪያው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ይነበባል፣ አንድ ቁጥር ይጻፋል፣ በቃ። ሌሊቱን ጀምሮ እስከ ረፋድ የዘለቀ ዝናብ ለሁለት ቀን ተከፍሎ ስለሚመዘገብ ትልቅነቱ ይደበቃል፤ ስለዚህ መሐንዲሶች የቀኑን ከፍተኛ መጠን በ13 በመቶ ገደማ ከፍ የማድረግ ልማድ አላቸው። የደቂቃዎቹን ጥንካሬ ለማግኘት ደግሞ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር የድሬኔጅ ማኑዋል አገሪቱን በዝናብ ክልሎች ከፍሎ ያዘጋጃቸው ኩርባዎች አሉ። በአንድ ወገን የዝናቡ ቆይታ በደቂቃ፣ በሌላው ጥንካሬው በሰዓት ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ይነበባል።

እዚህ ላይ ጥሩ ሪፖርት ከደካማው የሚለየው ስለ ጣቢያው በሚነግረን ነገር ነው። የስንት ዓመት መዝገብ ነው? የሐምሌና የነሐሴ ወራት የጎደሉባቸው ዓመታት አሉ ወይ? ክረምቱ ያልተመዘገበበት ዓመት «ከፍተኛው ዝናብ» ሐሰተኛ ነው፤ ምናልባት የግንቦት ዝናብ ይሆናል። ያልተለካ ቀን በዜሮ ተሞልቶ፣ ወይም ነጥቧ ተዘልላ 12.5 የነበረው 125 ተብሎ ተጽፎ ሊገኝም ይችላል። እነዚህን ሳያጣራ በቀጥታ ወደ ስሌት የገባ ሪፖርት የሚያወጣው ቁጥር ሦስት አሃዝ ከነጥብ ጋር ቢኖረውም እምነት አይጣልበትም።

ሁለተኛው ጥያቄ የድግግሞሽ ዘመን ነው። «ለአሥር ዓመት ጎርፍ የተሠራ» ሲባል ብዙ ሰው አንዴ ከመጣ አሥር ዓመት እንደሚያርፍ ያስባል። እንዲህ አይደለም። ማሰሮ ውስጥ አሥር ዕጣ አለ፣ አንዱ ቀይ ነው እንበል። በየዓመቱ አንድ ዕጣ ይወጣል፣ ከታየ በኋላም ተመልሶ ይገባል። ዘንድሮ ቀዩ ስለወጣ የከርሞው ዕድል አይቀንስም። በዚህ ስሌት ለአሥር ዓመት ጎርፍ የተሠራ ቱቦ በ10 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ ከአቅሙ በላይ ውሃ የሚመጣበት ዕድል 65 በመቶ ነው፤ በ20 ዓመት ውስጥ ደግሞ 88 በመቶ። ለ25 ዓመት ጎርፍ ቢሠራ የ20 ዓመቱ ዕድል ወደ 56 በመቶ ይወርዳል። ምርጫው እንግዲህ ምን ያህል ስጋት እንቀበል የሚል ነው። ለመንገድ ዳር ቦይ 5 ወይም 10 ዓመት፣ ለቱቦ ከ10 እስከ 25፣ ለድልድይ 50 ወይም 100 የሚያዘው ጉዳቱ የተለያየ ስለሆነ ነው። ቦይ ሞልቶ ቢፈስ መንገደኛ ይርሳል፤ ድልድይ ቢሄድ ከተማ ይቆረጣል።

በስብሰባዎች ላይ ብዙ ክርክር የሚነሳው በዚህ ቁጥር ነው። እኔ ግን ትልቁ ስህተት የሚደበቀው በሦስተኛው፣ በተፋሰሱ ግምት ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ። በምሳሌ ላሳይ።

በአዲስ አበባ ዳርቻ ላይ መንገድ የሚያቋርጥ ትንሽ ፈፋ አለ እንበል። ከመንገዱ በላይ ውሃውን ወደዚህ ፈፋ የሚልከው መሬት 40 ሄክታር ነው። ከላይኛው ጫፍ እስከ ቱቦው ያለው ርቀት 1 ኪሎ ሜትር፣ ከፍታውም 50 ሜትር ይወርዳል። በተለመደው የኪርፒች ቀመር ከጫፍ የተነሳው ውሃ ቱቦው ጋ ለመድረስ 13 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ የምንፈልገው የ13 ደቂቃውን የዝናብ ጥንካሬ ነው፤ ለአሥር ዓመት ጎርፍ በሰዓት 100 ሚሊ ሜትር ነው ብለን እንያዝ። ከ50 ሄክታር በታች ለሆነ ተፋሰስ የሚሠራበት ቀመር ቀላል ነው፦

Q = C × I × A / 360

I የዝናቡ ጥንካሬ፣ A የመሬቱ ስፋት በሄክታር ነው። C ደግሞ ከዘነበው ውስጥ ምን ያህሉ ወደ ፈፋው እንደሚወርድ የሚናገር፣ ከዜሮ እስከ አንድ የሚደርስ ቁጥር ነው። መሬቱ ሣርና ባሕር ዛፍ ስለሆነ 0.35 ብንይዝ ውጤቱ በሰከንድ 3.9 ሜትር ኩብ ይሆናል። ባለ 120 ሳንቲ ሜትር ሁለት ቱቦዎች ይበቁታል።

አሁን አለቃው «ጠንቀቅ እንበል፣ የ25 ዓመቱን እንያዝ» አለ። ጥንካሬው ወደ 118 ቢያድግ ውጤቱ 4.6 ይሆናል። ብዙም አልራቀም። በአሥር ዓመት ውስጥ ግን ያ ባሕር ዛፍ ተመንጥሮ ሰፈር ሆነ፤ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ኮብልስቶን፣ የሲሚንቶ ግቢ። C ወደ 0.70 ወጣ። ውሃው በለሰለሰ ወለል ስለሚሮጥ 13ቱ ደቂቃ 10 ሆነ፤ አጭር ዝናብ ደግሞ ይበልጥ ጠንካራ ስለሆነ ጥንካሬው ወደ 115 ደረሰ። የዚያው የአሥር ዓመት ጎርፍ ውጤት አሁን 8.9 ሜትር ኩብ ነው። አራት ወይም አምስት ቱቦ ይፈልጋል። ከሰማይ የመጣ ለውጥ የለም፤ የተለወጠው መሬቱ ነው። ስለዚህ የከተማውን ፕላን ሳያይ የዛሬውን ሣር ብቻ አይቶ C የመረጠ ሪፖርት ቱቦው ሳይቀበር ጊዜው አልፎበታል።

የተፋሰሱ ድንበርም ከካርታ ላይ ተሥሎ ብቻ የሚያልቅ አይደለም። ከላይ አዲስ መንገድ ከተሠራ የዳር ቦዩ የጎረቤቱን ተፋሰስ ውሃ ወደዚህኛው ሊያመጣው ይችላል፤ 40 ሄክታሩም ሳይታወቅ 55 ይሆናል። ይህን የሚያሳየው ሰው በዝናብ ሰዓት ወጥቶ ሲመለከት ነው። ድንበሩን በከተማው አጥር መወሰን የሚያስከትለውን ደግሞ ድሬዳዋ አይታለች። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ላይ በደቻቱ ወንዝ የመጣው ደራሽ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ያን ውሃ ያመጣው በዋናነት ከከተማዋ በላይ ባለው የሐረርጌ ደጋ የዘነበው ዝናብ ነበር። በሌሊት የተኛ ሰው ከደጁ ባለው ሰማይ አይቶ ሊያውቀው አይችልም ነበር። ከተማው ውስጥ ያለ አንድ የዝናብ መለኪያም ስለዚያ ጎርፍ የሚናገረው ትንሽ ነው።

ለዚህ ነው ሪፖርቱን የሚገመግም ሰው፣ የክፍለ ከተማ ባለሙያም ይሁን የሰፈር ኮሚቴ፣ ስሌቱን እንኳ ባይከታተል አንድ ነገር መጠየቅ የሚችለው፦ C የተመረጠው ለየትኛው ዓመት መሬት ነው? መልሱ በጽሑፍ ሊኖር ይገባል፤ የዛሬውም፣ ፕላኑ ሙሉ በሙሉ ሲገነባ የሚሆነውም፣ ጎን ለጎን። ቀጥሎ የስሌቱ ውጤት ከሰው ትዝታ ጋር መጋጠም አለበት። በፈፋው ዳር ለሠላሳ ዓመት የኖሩ እናት ውሃው እስከየትኛው ድንጋይ እንደደረሰ ያሳያሉ፤ ከዚያ ምልክት፣ ከፈፋው ስፋትና ከቁልቁለቱ ተነስቶ ያለፈውን የውሃ መጠን መገመት ይቻላል። ያ ግምት 7 ሆኖ ሪፖርቱ 3.9 ካለ፣ ወደ C እና ወደ ድንበሩ ተመልሶ ማየት የመሐንዲሱ ሥራ ነው።