ዳሽቦርዱ 7.5 ሲል ማደያው 8.25 ይላል

ከጀርመን የመጣ ጎልፍ 4 ነዳጁ ሊያልቅ ሲል በፍጥነት ቆጣሪውና በዙር ቆጣሪው መሃል ባለችው ስክሪን ላይ BITTE TANKEN ብሎ ይለምናል። «እባክዎ ነዳጅ ይሙሉ» ማለቱ ነው። ጀርመንኛ የማያውቅ ሾፌር ግን ሞተሩ ላይ አንድ ነገር የደረሰ መስሎት ይደነግጣል።

በአዳዲስ መኪኖች ቋንቋና መለኪያ ሜኑ ውስጥ ገብቶ መቀየር የደቂቃ ሥራ ነው። ጎልፍ 4 ለሾፌሩ የተከፈተ እንዲህ ያለ ሜኑ የለውም፤ የግድ VCDS የተጫነበት ላፕቶፕና ገመድ ያስፈልጋል። ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉ ብቻ ይከፈትና 17-Instruments ውስጥ ተገብቶ Adaptation ይመረጣል። ቻናል 04 ቋንቋው ነው፤ 1 ጀርመንኛ፣ 2 እንግሊዝኛ። አማርኛ የለበትም። ጽሑፍ የማታወጣ ትንሽ ስክሪን ያለው ጎልፍ ደግሞ መጀመሪያውኑ የሚቀየር ቋንቋ የለውም።

መለኪያው ሌላ ቦታ ነው ያለው። የዳሽቦርዱ ኮዲንግ አምስት አሃዝ ሲሆን ሦስተኛዋ አሃዝ አገሩን ትነግራለች፦ 2 አውሮፓ፣ 3 አሜሪካ። ከአሜሪካ የመጣ መኪና በማይልና በጋሎን የሚቆጥረው በእሷ ምክንያት ነው። ኮዲንጉ ሳይነካ ወደ እኛ ልማድ ለመመለስ 235ን ለሚያሳየው ቁጥር ማካፈል ይበቃል፤ 28 ማይል በጋሎን ማለት በ100 ኪሎ ሜትር 8.4 ሊትር ገደማ ነው። የመጨረሻዋን አሃዝ ግን አትንኳት። የርቀት አቆጣጠሩ በእሷ ስለሚወሰን ከተሳሳተች ፍጥነቱም ኪሎ ሜትሩም ይዛባል። ኮዲንጉ ከመነካቱ በፊት አምስቱንም አሃዝ ወረቀት ላይ አስፍሩ።

አሁን ወደ ነዳጁ እንምጣ። ዳሽቦርዱ የሚያሳየው ፍጆታ ታንኩ ውስጥ ተለክቶ የመጣ አይደለም። የሞተሩ ኮምፒውተር ኢንጀክተሮቹ ለምን ያህል ጊዜ እንደተከፈቱ ያውቃል፤ ከዚያ ተነሥቶ ስንት ነዳጅ እንዳለፈ ያሰላል። ስለዚህ ኢንጀክተሩ ሲያረጅ ወይም ሲቆሽሽ ግምቱ ከእውነቱ ይርቃል። ቻናል 03 ይህን ማረሚያ ነው፤ ከ85 እስከ 115 በመቶ ድረስ በአምስት አምስት ይሄዳል።

የሚታረመው ግን በአንድ ሙሌት አይደለም። የማደያው አፍ አንዴ ቀድሞ፣ አንዴ ዘግይቶ «ቀጭ» ብሎ ይዘጋል፤ በ40 ሊትር ላይ የአንድ ሊትር ልዩነት 2.5 በመቶ ነው። በተቻለ መጠን አንድ ማደያ፣ አንድ ማሽን ላይ ሙሉ፤ ቀጂው ሒሳቡን ለማሟላት ብሎ እንዳይጨምርበት በመጀመሪያው «ቀጭ» ላይ እንዲያቆም ንገሩት። ስክሪኑም ላይ አማካዩን ከማህደር 2 አንብቡ። ማህደር 1 መኪናው ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆመ ራሱን ስለሚያጠፋ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

እንዲህ እንበል። ታንኩ ሞልቶ፣ ማህደር 2 ዜሮ ሆኖ ተነሣን። በመጀመሪያው ዙር 520 ኪሎ ሜትር ተነድቶ 43.2 ሊትር ገባ፤ በሁለተኛው 610 ኪሎ ሜትርና 50 ሊትር፤ በሦስተኛው 570 ኪሎ ሜትርና 47 ሊትር። ድምሩ 1,700 ኪሎ ሜትርና 140.2 ሊትር ነው፤ በ100 ኪሎ ሜትር 8.25 ሊትር ማለት ነው። ስክሪኑ የሚያሳየው 7.5 ከሆነ 8.25 ለ7.5 ሲካፈል 1.10 ይመጣል። ቻናል 03 ላይ 100 ተቀምጦ ከነበረ 110 ተጽፎ Test፣ ቀጥሎ Save ይጫናል። ከእናንተ በፊት የነካው ሰው 95 አድርጎት ከነበረ ግን 95 በ1.10 ሲባዛ 104.5 ስለሆነ የሚጻፈው 105 ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ያለውን ቁጥር ሳያይ 110 ይጽፋል።

አንድ የማይታረም ነገር አለ። ስክሪኑም እናንተም ርቀቱን የወሰዳችሁት ከአንድ ቆጣሪ ነው። ጎማው ከፋብሪካው ልክ ካነሰ ቆጣሪው ከተሄደው በላይ ይመዘግባል፤ ያኔ ሁለቱ ሒሳቦች ቢስማሙም ሁለቱም ከእውነቱ ያነሱ ናቸው። ረጅም መንገድ ላይ ከስልክ ጂፒኤስ ጋር ማስተያየት ይህን ያወጣዋል።

ለዓመታት ተቀራርበው የኖሩት የስክሪኑና የማደያው ቁጥሮች በድንገት ከተራራቁስ? ኮምፒውተሩ የሚያውቀው በኢንጀክተር ያለፈውን ብቻ ነው፤ ከታንኩ ወይም ከቱቦው የሚንጠባጠበውን አያይም። ያኔ ቻናል 03ን ተዉትና ሞተሩን አጥፍታችሁ መኪናውን ከሥር እዩ።