የሄደው አለቃ ደመወዝ የት ገባ?

ይህን የምነግራችሁ ከሰው ሀብት ክፍል ውስጥ ሆኜ ነው። አለቃ ሲለቅ ሥራው በማግሥቱ አንድ ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል፤ ደመወዙ ግን አብሮት አይመጣም። ሠራተኛው የሁለት ሰው ሥራ ሲሠራ ወራት ያልፋሉ፤ በመጨረሻ በር አንኳኩቶ «ደመወዝ ይጨመርልኝ» ይላል። መልሱ ብዙ ጊዜ «በጀት የለም» ነው። በጣም የሚቆረቁረኝም እዚህ ላይ ነው፤ ገንዘቡ በዚያው ሰዓት በበጀት መዝገቡ ላይ ተቀምጧል። ሠራተኛው የጠየቀው ግን ከሌላ ቋት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመንግሥትን የበጀት ዓመት በሚከተሉ የግል ድርጅቶች ዓመቱ ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል። ለእያንዳንዱ የሥራ መደብ የዓመቱ ደመወዝና አሠሪው የሚከፍለው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ አስቀድሞ ይያዛል። ሰው ሲለቅ መደቡ ክፍት ይባላል እንጂ አይሰረዝም። የተያዘለት ገንዘብም እስከ ሰኔ መጨረሻ እዚያው ይቆያል። «የደመወዝ ጭማሪ» ብላችሁ ስትጠይቁ ግን ጥያቄው ወደዚህ ክፍት መደብ አይሄድም። የሚሄደው ለሁሉም ሠራተኛ በመቶኛ ወደሚታሰበው ዓመታዊ ጭማሪ ነው፤ እዚያ ደግሞ ከመላው ሠራተኛ ጋር ትሰለፋላችሁ። ከክፍት መደቡ የሚከፈለው የተጠባባቂነት አበል ነው። እሱን ለመክፈል በአብዛኛው አዲስ ገንዘብ መፍቀድ አያስፈልግም፤ የተያዘውን ማዘዋወር ይበቃል።

በተደጋጋሚ ያየሁትን ዓይነት ጉዳይ በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ፤ ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ አድርጌያቸዋለሁ። አንዲት ከፍተኛ የሒሳብ ሠራተኛ ደመወዟ 22,000 ብር ነው። የፋይናንስ ኃላፊው ታኅሣሥ 1 ለቀቀ፤ የእሱ ደመወዝ 38,000 ብር ነበር። ዋና ሥራ አስኪያጁ ጠሯትና «ሰው እስክናገኝ ለጊዜው ያዥልን» አሏት። ደብዳቤ አልተጻፈም። ከዚያ ጀምሮ የወር ሒሳብ መዝጊያው፣ ለገቢዎች የሚቀርበው የግብር ማስታወቂያ፣ የክፍያ ማጽደቁ ሁሉ እሷ ላይ ሆነ። በጥር ደግሞ የባንክ ፈራሚነት ተዛወረላትና ቼክ ላይ መፈረም ጀመረች።

ድርጅቱ በየወሩ 38,000 ብሩንና 4,180 ብር የጡረታ መዋጮውን አይከፍልም። በድምሩ 42,180 ብር ማለት ነው። ከታኅሣሥ እስከ ሰኔ ባሉት ሰባት ወራት 295,260 ብር ሳይወጣ ይቀራል። ይህን ስሌት እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚወስነው ኮሚቴ ፊት የሚያቀርብ ሰው እምብዛም አይገኝም። ሠራተኛዋ አታውቀውም፤ የቅርብ አለቃዋ ስለ ድካሟ ያወራል እንጂ ስለ መደቡ አያነሣም። እኛ የምናውቀውም ካልተጠየቅን አንናገርም፤ የሥራችን ልማድ እንዲህ ነው፤ ጥሩ ልማድ ነው ብዬም አልከላከልለትም።

ቀጣዩ ጥያቄ ስንት ብር ይጠየቅ የሚለው ነው። ብዙዎች የሄደውን ሰው ደመወዝ ይዘው ይመጣሉ፤ ወዲያው ይመለሳሉም። የሄደው ሰው 38,000 ብር ላይ የደረሰው በዓመታት ውስጥ እርከን በእርከን ወጥቶ ነው። ኮሚቴው የሚመለከተው የደረጃውን መነሻ ነው፤ ማለትም ነገ ከውጭ የሚቀጠር ሰው የሚጀምርበትን ደመወዝ። በምሳሌያችን መነሻው 34,000 ብር ነው እንበል። ከእሷ ደመወዝ ጋር ያለው ልዩነት 12,000 ብር ይሆናል፤ የምትጠይቀውም እሱን ነው። ለሰባት ወር 84,000 ብር ቢከፈላት እንኳ ድርጅቱ 211,260 ብር ይተርፈዋል። የደመወዝ ስኬሉን ከሰው ሀብት ክፍል ጠይቁ፤ ካልተሰጣችሁ መደቡ ቀደም ሲል የወጣበትን የቅጥር ማስታወቂያ ፈልጉ። የሠራተኛ ማኅበር ባለበት ቤት ደግሞ አስቀድማችሁ የሕብረት ስምምነቱን አንብቡ፤ ተጠባባቂነት ከስንት ቀን በኋላ እንደሚከፈልና ምን ያህል እንደሆነ የሚደነግግ አንቀጽ ካለው ክርክሩ በአብዛኛው እዚያው ያልቃል።

አበል ወይስ ደመወዝ? አበል መድረሻ ሳይሆን መሸጋገሪያ ነው። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ከ14,000 ብር በላይ ያለው የወር ገቢ 35 በመቶ ይቀረጥበታል። ስለዚህ ከ12,000 ብር አበል እጇ የሚገባው 7,800 ብር ነው። ያው ገንዘብ በደመወዝ መልክ ቢጨመር 7 በመቶ የጡረታ መዋጮም ስለሚቆረጥ 6,960 ብር ይሆናል። ለዛሬ አበሉ ይበልጣል፤ ነገር ግን ከጡረታ ስሌት ውስጥ አይገባም፣ ተጠባባቂነቱ ባለቀበት ቀንም ይቆማል። ስለዚህ አሁን አበሉን አስይዙ፣ ቋሚውን ደመወዝ ደግሞ መደቡ ለውድድር ሲወጣ ጠይቁ። ሁለቱን በአንድ ደብዳቤ ከጻፋችሁ ኮሚቴው ከባዱን ምክንያት አድርጎ ቀላሉንም ያዘገየዋል።

አሁን ወደ ስብሰባው ክፍል ልውሰዳችሁ። አለቃችሁ «ጉዳይሽን አቀርባለሁ» ሲል ብዙ ጊዜ የሚያቀርበው በቃል ነው፤ ያውም ከሌሎች አጀንዳዎች በኋላ፣ ሰው ሁሉ ሰዓቱን ሲያይ። በቃል የቀረበ ጉዳይ «እስቲ ይጠና» ተብሎ ያድራል። በእጁ አንድ ገጽ ወረቀት ካለ ግን ውሳኔ ሊጻፍበት የሚችል ነገር አለ ማለት ነው። ያንን ገጽ እናንተ ጻፉለት። ከየትኛው ቀን ጀምሮ የትኞቹን ሥራዎች እንደተረከባችሁ፣ መደቡ ክፍት ሆኖ በየወሩ ስንት ብር እንደሚቀር፣ የምትጠይቁት አበል ስንት እንደሆነና እስከ መቼ እንደሚከፈል፤ ይኸው ይበቃል። ስለ ድካም፣ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ አትጻፉ። እውነት ቢሆንም ጉዳዩን ከመደቡ ያወጣውና ወደ ዓመታዊው ጭማሪ ቋት ይመልሰዋል።

የምሳሌያችን ሠራተኛ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብታ ያለችው ይህን ነው፦ «ከታኅሣሥ 1 ጀምሮ የፋይናንስ ኃላፊውን ሥራ እየሠራሁ ነው፤ ከጥር ጀምሮ ቼክም እፈርማለሁ። መደቡ እስኪሞላ ድረስ የውክልና ደብዳቤና የተጠባባቂነት አበል እንዲፈቀድልኝ ጠይቄያለሁ። ዝርዝሩ እዚህ ወረቀት ላይ አለ፤ ለኮሚቴ እንዲያቀርቡልኝ እፈልጋለሁ።» ከዚያ ዝም አለች። ይህን ያደረገችው በየካቲት መጨረሻ ነው፤ ጊዜውም ትክክል ነበር። ሚያዝያና ግንቦት የሚቀጥለው ዓመት በጀት የሚዘጋጅባቸው ወራት ናቸው። ያኔ የሚነሣው ጥያቄ «ይህ መደብ ለወራት ያለ ሰው ከሠራ ለምን እንይዘዋለን?» የሚል ነው። መደቡ አንዴ ከታጠፈ ሐምሌ ላይ ሥራው እናንተ ዘንድ ይቀራል፣ የሚከፈልበት ቋት ግን አይኖርም።

ኮሚቴው ፈቀደላት። በመጀመሪያ የተጻፈው ደብዳቤ ግን «ከመጋቢት 1 ጀምሮ» ይላል። የደመወዝ ክፍሉ የሚከፍለው ደብዳቤው ላይ ባለው ቀን ነው፤ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ሦስት ወር፣ 36,000 ብር፣ በአንዲት መስመር ሊጠፋ ነበር። እሷ የርክክብ ሰነዱንና ቀድሞ ያጸደቀቻቸውን ክፍያዎች አያይዛ ደብዳቤው እንዲስተካከል ጠየቀች፤ ተስተካከለላት። የሚጀምርበትን ቀን ሳታዩ ደብዳቤ አትቀበሉ። መዘግየትም በሕግ ዋጋ አለው፤ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የመሳሰለው ክፍያ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ክስ ካልቀረበበት በይርጋ ይታገዳል። በቢሮ ውስጥ መጠየቅ ብቻውን ይህን ሰዓት አያቆመውም።

በገንዘቡ ፈንታ የማዕረግ ስም ሊሰጧችሁ ይችላሉ። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ያው አዋጅ የሥራ መሪ የሚላቸውን ሰዎች ከሽፋኑ ያወጣቸዋል፤ ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም፣ ወይም ሠራተኛ የመቅጠርና የማሰናበት ዓይነት ሥልጣን ያላቸውን ማለት ነው። የሥራ መሪ የሆነ ሰው አዋጁ ለሠራተኛ የሰጠው የትርፍ ሰዓት ክፍያ መብት አይኖረውም። ሕጉ የሚያየው ሥልጣኑን እንጂ በር ላይ የተለጠፈውን ስም አይደለም፤ ቢሆንም ማዕረጉንና ሥልጣኑን በደብዳቤ ተቀብላችሁ ደመወዙ ባለበት ከቀረ፣ ድርጅቱ ነገ የሚከራከርበትን ማስረጃ ዛሬ ፈርማችሁ ሰጣችሁ ማለት ነው። ማዕረግ የሚቀበሉት ከደረጃው መነሻ ደመወዝ ጋር ነው።

ድርጅቱ በእርግጥ እንደማይከፍል የሚታወቅባቸው ምልክቶችም አሉ። «ለጊዜው» የሚለው ቃል ማብቂያ ቀን ካልተሰጠው፣ የቅጥር መጠየቂያ ቅጽ ተሞልቶ እኛ ዘንድ ካልደረሰ፣ ወይም መደቡ ከሚቀጥለው ዓመት መዋቅር ከወጣ፣ አዲስ ሰው አይመጣም፤ አበልም አይመጣም። ያን ጊዜ ጥያቄውን ከገንዘብ ወደ ሥራው አዙሩት። የቀድሞ ሥራችሁን ለማን እንደምታስረክቡ፣ ወይም ከአለቃው ሥራ የትኛውን እንደምትመልሱ በጽሑፍ ጠይቁ። የሥራ ውል የሚሻሻለው በሕብረት ስምምነት፣ በድርጅቱ የሥራ ደንብ ወይም በሁለቱ ወገኖች የጽሑፍ ስምምነት ነው፤ ስለዚህ ይህ ጥያቄ እንደ አመፅ የሚታይ አይደለም።

ከሁሉ በፊት የሚመለሰው ፈራሚነት ይሁን። ቼክ ላይ የሚፈርም ሰው ለወጣው ገንዘብ ይጠየቃል፤ ኦዲተር ሲመጣ የሚጠራው ፊርማው ያለበት ሰው ነው፣ ደመወዙ ስንት እንደነበር የሚጠይቅ የለም። ኃላፊነቱን በጽሑፍ ላልሰጣችሁ ድርጅት ፊርማችሁን አታውሱት። ፈራሚነቱን በደብዳቤ ስትመልሱ ሥራ አስኪያጁ ባንክ ሄዶ ሌላ ሰው ማስመዝገብ አለበት፤ ያ ሰው ደግሞ የመጀመሪያ ጥያቄው «ደብዳቤዬስ?» የሚል ይሆናል። ለወራት የተኛ የውክልና ደብዳቤ በዚያው ሳምንት ሲጻፍ አይቻለሁ።