ማንም አልተኛም

ከጣና በስተ ሰሜን ዳር በምትገኘው በጎርጎራ አጠገብ፥ በ2006 ዓ.ም. በኅዳር ጽዮን ዕለት፥ አንዲት ቃል በአንድ ሽማግሌና በአንድ ወጣት መካከል የሠራችውን ሥራ በዓይናችን አይተናልና ለአንባብያን ልናወጋ ወደድን።

ወደዚያ የሄድነው ዘመድ ለመጠየቅ ነበር። ሌሊቱን በማኅሌት ቆመን አድረን፥ ከቅዳሴ በኋላ ከአንድ ሽማግሌ ቤት ደጃፍ ከመደቡ ላይ ተቀምጠን ሳለ፥ ስለ ወባ የሚጠይቅ አንድ ወጣት መጣ። ዕድሜው ከሃያ ሦስት የሚያልፍ አይመስልም፤ ትሕትናው ግን የሚያስመሰግን ነው። ከውጭ ቆሞ «ቤቶች!» አለ፤ ግባ እስኪሉት ጠበቀ፤ ወረቀቱንም ከመዘርጋቱ በፊት ለሽማግሌው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። ሽማግሌው ጠላ አስቀዱለት፤ እርሱም በሥራ ላይ ስለ ሆነ አመስግኖ አስቀመጠው።

የቤተ ሰቡን ስም መዘገበ። ሽማግሌው፥ ሚስታቸውና ሁለት የልጅ ልጆች፥ በጠቅላላው አራት ነፍስ። ከዚያም ከወረቀቱ እንዲህ ሲል አነበበ።

«አባቴ፥ ትናንት ሌሊት በዚህ ቤት ውስጥ የተኙት ሰዎች እነማን ናቸው?»

«ማንም አልተኛም፥ ልጄ።»

ወጣቱ ያልተሰማ መስሎት ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው። መልሱም ያው ሆነ። ወደ ውስጥ ቢመለከት፥ ከአልጋው በላይ አጎበር ተሰቅሎ ጫፉ ከፍራሹ ሥር በደንብ ተወትፏል። ተስፋ አድርጎ ቀጠለ።

«ከዚህ አጎበር ሥርስ ትናንት ሌሊት የተኛ ሰው አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ለምን ተሰቀለ?»

«ለወባ ነዋ! እናንተው አይደላችሁም እንዴ ስቀሉ ያላችሁን?»

ከአጠገባችን የነበሩት ሳቁ። ወጣቱ ግን በላብ ተጠመቀ። ሌላ ሰው ቢሆን ጥያቄውን በራሱ ቃል ያፍታታው ነበር፤ እርሱ ይህን እንዳያደርግ ተከልክሏል። ክልከላውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ እያንዳንዱ ጠያቂ ጥያቄውን እንደየ ስሜቱ ቢለዋውጠው፥ በአንዱ ቤት የተጠየቀው ከሌላው ቤት ጋር ሊነጻጸር አይችልምና። ስለዚህ ሦስተኛ ጊዜ እንዳለ አነበበው፤ ሦስተኛም «የለም» ተባለ። በሠንጠረዡ ላይ ባዶ ምልክት ጽፎ ገጹን ሊገልጥ ሲል፥ ነገሩ የእኛ ባይሆንም ዝም ለማለት አልቻልንም።

«አባታችን፥» አልናቸው፥ «ትናንት ሌሊት በዚህ ቤት ማን አደረ?»

«እንዲህ ብሎ ጠየቀኝና! እኛ አራታችን ቤተ ክርስቲያን ቆመን አደርን። ልጄ ግን ማታ ከጯሂት ሕፃኗን ይዛ መጣች። ሕፃኑ ትኩሳት አለው፤ ከአጎበሩ ሥር ሲቃትት አደረ፤ እርሷም ታቅፋው ስታባብለው አደረች። ታዲያ የተኛ ማን አለ? በማርያም ዕለት ሐሰት ላስጽፍ ኖሯል?»

ነገሩ በዚህ ላይ ከሳቅ አለፈ። ሕፃኑና እናቱ የቤቱ ነዋሪዎች አይደሉም፤ እንግዶች ናቸው። በዚህ ዓይነት ጥናት እንግዳ የሚመዘገበው ያለፈውን ሌሊት በቤቱ ያደረ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ከወጣቱ ጋር የመጣችው የጤና ሠራተኛ ደግሞ ደማቸውን የምትመረምረው ከመዝገቡ ላይ የሰፈሩትን ሕፃናት ነው። እንግዲህ ሽማግሌው እውነቱን በመናገራቸው፥ ወጣቱም ደንቡን በመጠበቁ፥ የታመመው ልጅ ከመዝገቡ ውጭ ሊቀር ነበር።

ጤና ሠራተኛዋ ተጠራች። የሕፃኑን ጣት ወግታ አንዲት ጠብታ ደም በመመርመሪያው ላይ አኖረች። ሩብ ሰዓት ያህል ጠበቅን፤ ወባ መሆኑን የሚያሳየው ቀይ መሥመር ወጣ። በቀን ሁለት ጊዜ ለሦስት ቀን የሚዋጥ ኪኒን ሰጠች፤ የመጀመሪያውንም እዚያው በውኃ በጥብጣ አስጠጣችው። ትኩሳቱ ቢተወው እንኳ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ ለእናቲቱ ደጋግማ ነገረቻት።

ሽማግሌው ቃል የሚመዝኑት ለክርክር ብለው እንዳልሆነ የተረዳነው ከዚህ በኋላ ነው። በ1945 እና በ1946 ዓ.ም. በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ ሰባት ሺህ ያህል ሰው እንደ ፈጀ ይገመታል። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የጤና ኮሌጅ እንዲቋቋም ካደረጉት ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነበር። ሽማግሌው ያን ጊዜ ከብት ጠባቂ ልጅ ነበሩ። «በዚያ ዓመት ‹ተኛ› ከተባለ ቀባሪ ይፈለግ ነበር» አሉን።

ወጣቱ ጠላውን አሁን አነሣና ነገሩን ከሥሩ አጫወተን። ጥያቄው በመጀመሪያ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። በዚያ ቋንቋ «የተኛ» ሲሉ «ያደረ» ማለታቸው ነው። ተርጓሚው ቃሉን ወደ አማርኛ መለሰ፤ ሌላ ሰው ደግሞ ስሕተት እንዳይኖር አማርኛውን መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ገለበጠው፤ ያንኑ ቃል አገኙና ትክክል ነው ብለው አጸደቁት። እኛ እንደሚመስለን ጉድለቱ ከዚህ ላይ ነው፤ ቃል ለቃል የተተረጐመ ነገር ቃል ለቃል ሲመለስ ምን ጊዜም ይገጥማል። የእኛ ሰው ግን ጧት ሲገናኝ «እንደምን አደርህ» ይላል እንጂ «እንደምን ተኛህ» አይልም። ሰው ሲጸልይ ያድራል፥ ሲታመም ያድራል፥ ዓሣ ሊያጠምድ ጣና ላይ ያድራል፤ መተኛት ሌላ ነገር ነው። ይህን የሚገልጠው ጥያቄውን አስቀድሞ ወደ ገበሬ ቤት ወስዶ፥ «የጠየቅሁዎን እስቲ በራስዎ ቃል ይንገሩኝ» ብሎ መስማት ብቻ ነው።

ስለ አንዲት ሌሊት ብቻ መጠየቁን ግን አንነቅፈውም። «ዘወትር በአጎበር ትተኛላችሁን?» ቢባል፥ እንግዳን ላለማሳፈር ሁሉም «አዎን» ይላል። የትናንቱን ግን ሁሉ ያስታውሰዋል፤ አንዱ ቤት ከአጎበር ውጭ ያደረበት ሌሊት ቢያጋጥም፥ ብዙ ቤት ሲጠየቅ ይመጣጠናል። ይህ የሚሠራው የየቤቱ ምክንያት የተለያየ ሲሆን ነው። ሀገሩ በሙሉ ማኅሌት ባደረ ማግሥት ቢጠየቅ ግን ስሕተቱ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል። የቀን መቍጠሪያ ያዩ አይመስለንም።

ወጣቱ በዚያ ቀን ከእኛ በፊት በሁለት ቤቶች ስለ አጎበሩ ባዶ ምልክት ጽፎ ኖሮ፥ አለቃውን በስልክ አስፈቅዶ «ማን አደረ?» እያለ ሊጠይቅ ተመለሰ። እኛም ተከተልነው። በአንደኛው ቤት የነበሩት እመት፥ «ማን ታሞ ተኛ?» ያላቸው መስሏቸው፥ «እግዚአብሔር ይመስገን፥ ማንም» ብለው ኖሯል፤ ሦስት ልጆች ከአጎበሩ ሥር አድረዋል። በሁለተኛው ቤት ግን አጎበሩ ከነላስቲኩ ከቆጥ ላይ ተቀምጧል፤ ያ ባዶ እውነተኛ ባዶ ነበርና እንዳለ ተተወ።

በማግሥቱ ጧት ወጣቱ ሕፃኑን ለመጠየቅ በሽማግሌው ደጅ አለፈ።

«እንደምን አደሩ፥ አባቴ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ዛሬስ ተኝተናል፤ ጻፈው።»