ቆጠራ ወይስ ጭብጥ?

በትምህርት ዘርፍ የሚሠሩ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቶች ምዕራፍ ሦስት ላይ «መረጃው በጭብጣዊ ትንተና ተተንትኗል» የሚል ዓረፍተ ነገር በብዛት ይገኛል። ምዕራፍ አራት ሲገለጥ ግን የሚነበበው «ከ12ቱ መምህራን 9ኙ የተማሪ ብዛትን ጠቅሰዋል» የሚል ነው። ይህ ጭብጣዊ ሳይሆን የይዘት ትንተና ነው፤ ያውም ያልተጠናቀቀ።

አንዲት ተማሪ ስለ ተከታታይ ምዘና 12 መምህራንን አነጋገረች እንበል። አንዱ መምህር እንዲህ አላት፦ «ሰባ ተማሪ ይዤ የማንን ደብተር ልይ? ማርኩን ግን እሞላለሁ፤ ርዕሰ መምህሩ ይጠይቃል።»

የይዘት ትንተና ብትመርጥ፣ አስቀድማ ምድቦቿን ትወስናለች፤ የእያንዳንዱንም ትርጉም ትጽፋለች። የመምህሩ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር «የተማሪ ብዛት»፣ ሁለተኛው «የአስተዳደር ጫና» ውስጥ ይገባል። ከዚያ የከተማና የገጠር መምህራን የትኛውን እንቅፋት ይበልጥ እንዳነሱ ማነጻጸር ትችላለች። ቆጠራው ግን የሚያዋጣው ሁሉም ተመሳሳይ ጥያቄ ከተጠየቁ ነው። በቃለ መጠይቅ ወግ ወግን ሲስበው ለአምስቱ የቀረበ ጥያቄ ለሰባቱ ሳይቀርብ ይቀራል፤ ያልጠቀሱት ችግሩ ስለሌለባቸው ይሁን ስላልተጠየቁ አይታወቅም። እኔ ብዙዎቹ ቆጠራዎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ጥያቄዋ «መምህራን ተከታታይ ምዘናን እንዴት ይረዱታል?» ከሆነ ደግሞ ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች መነጣጠል ያከስራታል። ቁም ነገሩ ያለው በመካከላቸው ነው፦ ደብተሩ አልታየም፣ ማርኩ ግን ተሞልቷል። ሌሎች መምህራንም በየራሳቸው አነጋገር ይህንኑ ካሉ፣ «ምዘናው የሚሠራው ለተማሪው ሳይሆን ለሪፖርቱ ነው» የሚል ጭብጥ ይወጣል። ይህን ቃል በቃል የተናገረ መምህር ባይኖርም እንኳ ጭብጡ ይቆማል፤ ከንግግራቸው ተነሥታ የደረሰችበት እሷ ናትና። ብራውን እና ክላርክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጽሑፍ ያስቀመጡት ስድስት ደረጃ ያለው አካሄድ እዚህ ይጠቅማታል። ቃለ መጠይቁን ደጋግሞ ከማንበብ ይጀምራል፤ ኮድ ይሰጣል፤ ጭብጥ ይፈልጋል፤ ጭብጡን ከመረጃው ጋር መልሶ ይፈትሻል፤ ይሰይማል፤ በመጨረሻ ይጽፋል።

ትንተናው መበላሸቱ ከጭብጦቹ ስም ይታወቃል። «ተግዳሮቶች»፣ «ጥቅሞች»፣ «የመፍትሔ ሐሳቦች» የሚሉ ከሆኑ የቃለ መጠይቁ ጥያቄዎች ርዕስ ሆነው ተመለሱ እንጂ ጭብጥ አልተገኘም። ጭብጥ አንድ ነገር ይላል፤ «ተግዳሮቶች» ግን ምንም አይልም።

አማካሪዎች የሚጠይቁት የሁለት ኮድ ሰጪዎች ስምምነትም ከምርጫው ጋር ይሄዳል። በይዘት ትንተና ሌላ ሰው በዚያው መመሪያ ጥቂት ቃለ መጠይቆችን ለብቻው መድቦ ስምምነቱ በካፓ ቢለካ ተገቢ ነው። ብራውን እና ክላርክ ግን ለእነሱ ዓይነቱ ጭብጣዊ ትንተና ይህን ልኬት አይቀበሉትም፤ የአጥኚዋ አተያይ የሥራው አካል ነው ይላሉ። ስለዚህ የእነሱን ስም ጠቅሶ ከሥር የካፓ ውጤት ማስፈር በመመረቂያ ፈተና ላይ ጥያቄ ያስነሳል።