ከስክሪኑ የተፈለገውን ብቻ፣ በተፈለገው ፎልደር

ማክ ኮምፒውተር የሚጠቀሙ ብዙ ሰዎች ስክሪንሾት የሚያነሱት ሺፍት፣ ኮማንድና 3ን አንድ ላይ በመጫን ነው። በዚህ መንገድ ስክሪኑ እንዳለ ይነሳል። የተፈለገው ነገር ምስሉ ውስጥ ቢኖርም ከጎኑ የተከፈተ ሌላ መስኮት፣ ከላይ ያለው የሜኑ መስመር፣ አንዳንዴም ለሌላ ሰው መታየት የሌለበት መልእክት አብሮ ይገባል። ፋይሉ ደግሞ ሌላ ትእዛዝ እስካልተሰጠው ድረስ ዴስክቶፕ ላይ ይቀመጣል። ሳምንት ሳይሞላ ዴስክቶፑ ስማቸው በሚመሳሰል ምስሎች ይጨናነቃል።

መፍትሔው ማክ ውስጥ አስቀድሞ ያለ ነው፤ ተጨማሪ ፕሮግራም አይጠይቅም። አፕል እ.ኤ.አ. በ2018 ሞሃቬ የተባለውን የማክ ስሪት ሲያወጣ ሁለቱን ጥያቄዎች፣ ማለትም ከስክሪኑ የትኛው ክፍል ይነሳ የሚለውንና ፋይሉ የት ይቀመጥ የሚለውን፣ በአንድ መቆጣጠሪያ አሞሌ ላይ አገናኛቸው። አሞሌው የሚከፈተው ሺፍት፣ ኮማንድና 5ን በመጫን ነው። ከዚያ በፊት ማስቀመጫውን ለመቀየር ተርሚናል ከፍቶ ትእዛዝ መጻፍ ያስፈልግ ነበር።

አሠራሩን በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። ውጭ አገር ለሚያድጉ ልጆች አማርኛ የምታስተምር አንዲት መምህርት አለች እንበል። በእጇ ጽፋ ስካን ያደረገችው ባለ 20 ገጽ የፊደል መልመጃ በፒዲኤፍ ተቀምጧል። በእያንዳንዱ ገጽ መሃል አንድ የፊደል ሰንጠረዥ አለ። መምህርቷ የምትፈልገው ሰንጠረዡን ብቻ ነው፤ የገጹ ቁጥርና ኅዳጉ ላይ ለራሷ የጻፈችው ማስታወሻ መግባት የለባቸውም። ሃያዎቹ ምስሎች በስላይድ ላይ ሲደረደሩም መጠናቸው አንድ መሆን አለበት።

ብዙዎች የሚያውቁት ሺፍት፣ ኮማንድና 4 ለአንድ ምስል ፈጣን ነው። ጠቋሚው የመስቀል ቅርጽ ይይዛል፤ ከአንድ ጥግ ተጭኖ እስከ ተቃራኒው ጥግ ሲጎተት አራት ማዕዘን ይሠራል። ጣት ሲለቀቅ ምስሉ ወዲያውኑ ይነሳል። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው፤ ጠርዙ በትንሹ ቢያልፍ ማስተካከያ ጊዜ የለም። ገና እየተጎተተ ሳለ ግን የቦታ መስጫውን ቁልፍ ተጭኖ በመያዝ አራት ማዕዘኑን መጠኑን ሳይቀይሩ ወደፈለጉበት ማንሸራተት ይቻላል። ሐሳብ ከተቀየረ ደግሞ ኢስኬፕ ሁሉንም ይሰርዘዋል። እንዲህም ሆኖ መምህርቷ በዚህ መንገድ ሃያ ጊዜ ብትጎትት ሃያ የተለያየ መጠን ያላቸው ምስሎች ነው የምታገኘው።

ስለዚህ ለእርሷ የሚበጃት አሞሌው ነው። ሺፍት፣ ኮማንድና 5ን ተጭና Capture Selected Portion የሚለውን ምልክት ስትመርጥ በስክሪኑ ላይ በነጠብጣብ የተከበበ አራት ማዕዘን ይመጣል። ይህኛው ጣት ስለተለቀቀ ብቻ አይተኩስም። ጠርዞቹን እየጎተተች ሰንጠረዡ ልክ እስኪገባ ታስተካክላለች፤ መሃሉን ይዛም ታንቀሳቅሰዋለች። ምስሉ የሚነሳው Capture የሚለውን ስትጫን ነው።

ከመጫኗ በፊት ግን Options የሚለውን ትከፍታለች። እዚያ ውስጥ Save to በሚለው ርእስ ሥር Desktop፣ Documents፣ Clipboard እና ሌሎችም ተዘርዝረዋል። መምህርቷ የምትመርጠው Other Location… የሚለውን ነው። የፋይል መምረጫው ሲከፈት በPictures ውስጥ «ፊደል» የሚል አዲስ ፎልደር ፈጥራ ትመርጠዋለች። Pictures የተመረጠበት ምክንያት አለ፤ አይክላውድ ላይ ዴስክቶፕንና ዶክመንትን የማመሳሰል አማራጭ የበራ ከሆነ ዴስክቶፕ ላይ የሚያርፍ ስክሪንሾት ሁሉ ወደ አይክላውድ ይጫናል፤ በነጻ ከሚሰጠው 5 ጊጋባይት ላይም ቦታ ይይዛል። በዚያው አካውንት የሚጠቀም ሌላ ማክ ካለ ምስሉ እዚያም ይታያል። ይህ የማመሳሰል አማራጭ የPictures ፎልደርን አይነካም።

በዚያው ዝርዝር ላይ Remember Last Selection የሚለው ምልክት እንደተደረገበት ታረጋግጣለች። ይህ ሲበራ አሞሌው በሚቀጥለው ጊዜ ሲከፈት አራት ማዕዘኑ በነበረበት ቦታና መጠን ይጠብቃታል። እንግዲህ ሥራዋ ገጽ መቀየር፣ አሞሌውን መክፈትና Capture መጫን ብቻ ይሆናል። የፒዲኤፉን መስኮት ካላንቀሳቀሰች፣ ማጉያውንም ካልነካች ሰንጠረዡ በየገጹ እዚያው ስፍራ ላይ ስለሚወድቅ ሃያዎቹም ምስሎች እኩል ይወጣሉ።

አንድ መታወቅ ያለበት የመጠን ጉዳይ አለ። ሬቲና በሚባለው የማክ ስክሪን ላይ 600 በ400 ሆኖ የተመረጠ ክፍል ፋይሉ ሲታይ 1200 በ800 ፒክስል ይሆናል፤ ስክሪኑ ለእያንዳንዱ ነጥብ በወርድም በቁመትም ሁለት ፒክስል ስለሚጠቀም ነው። ያው አራት ማዕዘን በተራ የውጭ ሞኒተር ላይ ቢነሳ 600 በ400 ብቻ ነው የሚወጣው፤ በትልቅ ስክሪን ሲታይ ፊደሎቹ ይደበዝዛሉ። ስለዚህ ጽሑፉን ከማንሳት በፊት አጉልቶ ማንሳት እንጂ ምስሉን ካነሱ በኋላ መለጠጥ አያዋጣም። ሥራው በአንድ ስክሪን ተጀምሮ በሌላ እንዳይጨረስ መጠንቀቅም ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው ግራ የሚያጋባው «ድምፁ ተሰማ፣ ፋይሉ ግን የለም» የሚለው ነገር ነው። አንዱ ምክንያት በስክሪኑ ቀኝ ታችኛ ጥግ ብቅ የምትለዋ ትንሽ ምስል ናት። እርሷ እስክትጠፋ ድረስ ፋይሉ ፎልደሩ ውስጥ አይገባም። ጥቂት ሰከንድ መጠበቅ ወይም በጣት ወደ ቀኝ ገፍቶ ማሰናበት ይበቃል፤ ተከታታይ ምስል የሚያነሳ ሰው ደግሞ Show Floating Thumbnail የሚለውን ቢያጠፋው ይሻለዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ ይልቅ የተሸሸገ ነው። በSave to ላይ የተመረጠው ነገር ለዚያች አንድ ምስል ብቻ አይደለም፤ እስኪቀየር ድረስ በ3ም በ4ም ለሚነሱት ጭምር ያገለግላል። አንድ ሰው ከሳምንታት በፊት Clipboard መርጦ ረስቶት ከሆነ ከዚያ ወዲህ ያነሳው ሁሉ በፋይልነት አልተቀመጠም፤ ሌላ ነገር ኮፒ ባደረገ ቁጥር የቀደመው ጠፍቷል። ለአንድ ጊዜ ብቻ ኮፒ ማድረግ የፈለገ ሰው ቅንብሩን ሳይነካ ኮንትሮል፣ ሺፍት፣ ኮማንድና 4ን መጠቀም ይችላል።

የአራት ማዕዘኑን ቦታና የፋይሉን ስም በቁጥርና በፊደል መወሰን ለሚፈልግ ተርሚናልም አለ፦

```
screencapture -R200,150,600,400 ~/Pictures/fidel-01.png
```

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ከስክሪኑ ግራና ላይ ያለውን ርቀት፣ ቀጣዮቹ ወርድና ቁመትን ይገልጻሉ። ተርሚናል ስክሪን እንዲቀዳ በSystem Settings ውስጥ በPrivacy & Security ሥር ካልተፈቀደለት ግን ምስሉ ላይ የሌሎች ፕሮግራሞች መስኮቶች ሳይገቡ የዴስክቶፑ ዳራ ብቻ ይወጣል። እንዲህ ያለ ምስል ሲገኝ ትእዛዙን ደጋግሞ ከማረም ይልቅ ፈቃዱን ሰጥቶ ተርሚናልን ዘግቶ መክፈት ነው።

መምህርቷ ሃያውን ገጽ ስትጨርስ ፋይሎቹ በተነሱበት ቀንና ሰዓት ተሰይመው ታገኛቸዋለች። ሰዓቱ በ12 ሰዓት አቆጣጠር ከሆነ በስም መደርደሩ ያሳስታል፤ ከቀትር በኋላ 1 ሰዓት የተነሳው ረፋድ 10 ሰዓት ከተነሳው ሊቀድም ይችላል። በፋይንደር ላይ Date Created ብላ ስትደረድራቸው ገጾቹ በየተራቸው ይሰለፋሉ። ከዚያም ሁሉንም መርጣ በቀኝ ጠቅታ Rename ስትል ከ1 እስከ 20 ቁጥር ያለው ስም በአንድ ጊዜ ይሰጣቸዋል።